የሬዚዱዋል ፕሎት አነባበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሪግሬሽን ሰርተው "ቀጥታ መስመር ለዳታዬ ይሆናል ወይስ አይሆንም?" ለሚሉ ሁሉ፤ ምሳሌዎቹ R ላይ አብረው የሚመጡ ዳታዎች ስለሆኑ ራሳችሁ ሰርታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሬዚዱዋል ምንድነው?

በትክክል ከተለካው ቁጥር ላይ መስመሩ የገመተውን ስትቀንሱ የሚቀረው ነው፣ በቃ። R ውስጥ `women` የሚባል ትንሽ ዳታ አለ፣ እድሜያቸው ከ30 እስከ 39 የሆኑ የአሜሪካ ሴቶች ቁመት በኢንች እና አማካይ ክብደታቸው በፓውንድ፣ 15 ረድፍ ብቻ። በዚህ ላይ መስመር ስታሰምሩ ክብደት = -87.52 + 3.45 × ቁመት ይመጣል። ቁመት 65 ላይ መስመሩ 136.7 ብሎ ይገምታል፣ ዳታው ላይ ያለው ግን 135 ነው፣ ስለዚህ ሬዚዱዋሉ -1.7 ሆነ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ መስመሩ አብዝቶ ገምቷል፣ ፖዘቲቭ ከሆነ አሳንሶ ገምቷል። ይሄን አቅጣጫ ከአሁኑ ያዙት፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይገለብጠዋል።

ፕሎቱን እንዴት ነው የማወጣው?

ወደ ጎን (x ላይ) መስመሩ የገመታቸውን ቁጥሮች፣ ወደ ላይ (y ላይ) ሬዚዱዋሎቹን ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ዜሮ ላይ አግድም መስመር ታሰምራላችሁ። በ R እንዲህ ነው፦

```r
m <- lm(weight ~ height, data = women)
plot(fitted(m), resid(m))
abline(h = 0)
```

ለመመረቂያ ጽሁፍ SPSS የምትጠቀሙ Analyze > Regression > Linear ገብታችሁ Plots የሚለውን ከፍታችሁ `*ZRESID` ን Y ላይ፣ `*ZPRED` ን X ላይ አድርጉ። Stata ላይ ከ `regress` በኋላ `rvfplot` ብሎ መጻፍ ይበቃል። ኤክሴልም የሪግሬሽን መስኮቱ ላይ Residual Plots የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለው፣ እሱ ግን x ላይ የሚያደርገው የገመተውን ሳይሆን የራሳችሁን ቫሪያብል ነው። x አንድ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፣ ቅርጹ ያው ነው (ስሎፑ ኔጋቲቭ ከሆነ ግራና ቀኙ ይገላበጣል እንጂ)።

ጥሩ የሚባለው ፕሎት ምን ይመስላል?

ምንም አይመስልም፣ መልሱ ይሄው ነው። ነጥቦቹ ከዜሮ በላይና በታች ያለ ምንም ስርአት ተበትነው፣ ከግራ እስከ ቀኝ የብተናው ስፋት ተመሳሳይ ሆኖ፣ አንድም የሚከተሉት መንገድ ሳይኖር ሲቀር ጥሩ ነው። ምክንያቱም መስመሩ ከዳታው ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ዝምድና ሁሉ ከወሰደ የሚቀረው የአጋጣሚ ልዩነት ብቻ መሆን አለበት፣ የአጋጣሚ ልዩነት ደግሞ ቅርጽ የለውም። ቅርጽ ካያችሁ መስመሩ ትቶት የሄደው ነገር አለ።

ስለዚህ ስታዩት ሁለት ነገር ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ። አንደኛ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስሄድ የነጥቦቹ መሃል ዜሮ ላይ ይቆያል ወይስ ይወጣል ይወርዳል? ሁለተኛ፣ ብተናው እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ወይ እየጠበበ ይሄዳል? የመጀመሪያው ስለ መስመሩ ቀጥተኛነት ነው የሚነግራችሁ፣ ሁለተኛው ስለ ስህተቱ መጠን። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ መፍትሄያቸውም ይለያያል።

የሬዚዱዋሎቹ አማካይ ዜሮ መጣልኝ፣ ይሄ ጥሩ ምልክት አይደል?

አይደለም፣ ምንም አይነግራችሁም። ኢንተርሴፕት ያለው የተለመደው ሪግሬሽን ሁልጊዜ ድምራቸው ዜሮ እንዲሆን አድርጎ ነው የሚያሰላው፣ መስመሩ ለዳታው ጭራሽ ባይሆን እንኳን። ስሌቱ በሬዚዱዋሎቹና በ x መሃል ያለው ኮሪሌሽንም ዜሮ እንዲሆን ያስገድዳል፣ ስለዚህ "ኮሪሌሽን የለም" ብሎ መጻፍም ማስረጃ አይሆንም። ለዚህ ነው በቁጥር ከማጠቃለል ይልቅ በአይን ማየት የሚያስፈልገው።

R² 0.99 ነው፣ p-value ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፣ ታዲያ ፕሎቱን ለምን አያለሁ?

ይሄ በጣም የሚጠየቅ ነው፣ ለዛም ነው `women` ን የመረጥኩት። የዚህ ዳታ R² 0.991 ነው፣ ስካተር ፕሎቱን ብታዩት መስመሩ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው፣ ማንም ሰው "ቀጥታ ነው" ብሎ ያልፈዋል። አሁን ሬዚዱዋሎቹን ከአጭሯ ወደ ረጅሟ በተራ ተመልከቱ፦ 2.4፣ 1.0፣ 0.5፣ 0.1፣ -0.4፣ -0.8፣ -1.3፣ -1.7፣ -1.2፣ -1.6፣ -1.1፣ -0.5፣ 0.02፣ 1.6፣ 3.1። በመጀመሪያ 4 ፖዘቲቭ፣ ከዛ 8 ኔጋቲቭ ተከታትለው፣ ከዛ 3 ፖዘቲቭ። ምልክቱ የተቀያየረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ስህተቱ የአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ 7 ፖዘቲቭና 8 ኔጋቲቭ ተደባልቀው ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ተከታታይ ነጥቦች ወደ 8 ገደማ ክምችት ሰርተው ነበር የምንጠብቀው፣ እዚህ ግን 3 ነው። ፕሎቱ ላይ ሲታይ መሃሉ ወደ ታች የወረደ ጥርት ያለ ኩርባ ነው።

ትርጉሙ ምንድነው? መስመሩ አጭርና ረጅም ሴቶች ላይ አሳንሶ ይገምታል፣ መካከለኛ ቁመት ላይ አብዝቶ ይገምታል፣ ያውም በስርአት። ክብደት በቁመት ልክ እኩል አይጨምርም፣ ከ58 ወደ 59 ኢንች ስትሄዱ 2 ፓውንድ ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ከ71 ወደ 72 ግን 5 ፓውንድ ነው። ቀጥታ መስመር ይሄን በ3.45 አማካይ ጨፍልቆ ነው የሚነግራችሁ።

R² የሚመልሰው "ከጠቅላላው የ y ልዩነት ስንቱን ወሰድኩ" የሚለውን ነው። ክብደቱ ከ115 እስከ 164 ይሄዳል፣ በዛ ትልቅ ልዩነት ፊት የ2 እና የ3 ፓውንድ ስህተት ኢምንት ነው፣ ስለዚህ R² አይሰማውም። p-value ደግሞ "ስሎፑ ከዜሮ ይለያል ወይ" ነው የሚለው፣ እሱም ስለ ቅርጽ አያወራም። ሁለቱም ላልተጠየቁት ጥያቄ መልስ ተደርገው ሲቀርቡ ማየት ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ፕሎቱን ማውጣት አንድ መስመር ኮድ ነው።

እሺ ኩርባ አየሁ፣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ኩርባው ከየት መጣ ብላችሁ አስቡ፣ ከዛ ያንን ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። በጣም ቀላሉ የ x ን ስኩዌር መጨመር ነው፦

```r
m2 <- lm(weight ~ height + I(height^2), data = women)
plot(fitted(m2), resid(m2))
abline(h = 0)
```

እዚህ R² ከ0.991 ወደ 0.9995 ሄደ፣ ሲታይ ምንም አይደለም። የሬዚዱዋሉን ስታንዳርድ ኤረር ስታዩ ግን ከ1.53 ፓውንድ ወደ 0.38 ወርዷል፣ አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ትልቁ ስህተት 0.6 ፓውንድ ነው፣ እና ዳታው ላይ ያለው ክብደት ራሱ ወደ ሙሉ ፓውንድ የተጠጋጋ ስለሆነ ከዚህ በታች ለመውረድ መሞከር ብዙም ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፣ ከቀየራችሁ በኋላ ፕሎቱን እንደገና አውጡ። ብዙ ሰው ስኩዌር ይጨምርና "ተስተካክሏል" ብሎ ይዘጋዋል፣ ኩርባው ግን አንዳንዴ ስኩዌር የሚይዘው አይነት አይደለም። እስከ አንድ ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ ከዛ በድንገት የሚነሳ ዳታ ከሆነ ስኩዌሩ ሌላ የተጠማዘዘ ሬዚዱዋል ይተውላችኋል፣ ያን ጊዜ ሎግ ወይም ሁለት የተለያየ ስሎፕ ማሰብ ነው።

ነጥቦቹ ወደ ቀኝ እየሰፉ ይሄዳሉ፣ እንደ ጡሩንባ፣ ይሄስ?

ይሄ ሁለተኛው ችግር ነው፣ የስህተቱ መጠን እኩል አይደለም ማለት ነው። R ውስጥ ያለው `cars` ዳታ ጥሩ ማሳያ ነው፣ በ1920ዎቹ የተለካ፣ 50 ረድፍ፣ የመኪና ፍጥነት በማይል በሰአት እና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሄደው ርቀት በጫማ። መስመሩ ርቀት = -17.6 + 3.93 × ፍጥነት ነው፣ R² 0.65። ፍጥነታቸው 10 እና ከዛ በታች የሆኑት 9 ነጥቦች ሬዚዱዋላቸው ከ-8 እስከ +12 ነው። ከ18 ጀምሮ ያሉት ግን ከ-29 እስከ +43 ይደርሳሉ። ነገሩ ሲታሰብም ይገባል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና የትኛውም ሾፌር ይዞት ቢሆን ቶሎ ይቆማል፣ ሲፈጥን ግን የፍሬኑ፣ የጎማውና የሾፌሩ ልዩነት ሁሉ ርቀቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

መሃሉ ዜሮ ላይ እስከቆየ ድረስ ብተናው መስፋቱ ብቻውን መስመሩን ጠማማ አያደርገውም፣ ስሎፑ ወደ አንድ ጎን አያዳላም። የሚበላሸው ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ስታንዳርድ ኤረሩ፣ p-value ው፣ የግምቱ ክልል። ሞዴሉ በየትኛውም ፍጥነት ላይ ስህተቱ 15.4 ጫማ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ በ4 ማይል ለሚሄድ መኪና "ከ-30 ገደማ በታች እስከ +30 ገደማ" የሚል ክልል ይሰጣችኋል፣ ያውም መሃሉ -1.8 ጫማ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ የመቆሚያ ርቀት የለም። በ24 ማይል ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እውነተኛው ልዩነት ሞዴሉ ከሚለው ይሰፋል።

መፍትሄው እንደ ጉዳዩ ነው። ስሎፑን ብቻ ከፈለጋችሁ ብተናው እኩል ባይሆንም የሚሰራው ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር ይበቃል። ግምት መስጠት ከፈለጋችሁ y ን መቀየር ይሻላል፣ ሎግ ወይም ስኩዌር ሩት። እዚህ `sqrt(dist) ~ speed` ጥሩ ይሰራል፣ ምክንያቱም በፊዚክስ የፍሬን ርቀት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሩቱ ከፍጥነት ጋር ቀጥታ ይሆናል፣ ብተናውም እኩል ይሆናል። R² ው 0.71 ይሆናል፣ ግን ይሄን ከ0.65 ጋር አታወዳድሩት፣ y ተቀይሯልና የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም።

x ላይ ትክክለኛውን y ባደርግስ? ፓተርን አየሁበት።

አታድርጉት፣ ሁልጊዜ ፓተርን ታያላችሁ። ሬዚዱዋል የ y አንድ ክፍል ስለሆነ ከ y ጋር ኮሪሌሽኑ √(1 − R²) ነው፣ ሞዴሉ ትክክል ቢሆንም። `cars` ላይ R² 0.65 ስለሆነ ኮሪሌሽኑ 0.59 ይመጣል፣ ወደ ላይ የሚወጣ ደመና ታያላችሁ፣ ትደነግጣላችሁ፣ ግን ምንም ማለት አይደለም። ወይ የተገመተውን ወይ x ን ተጠቀሙ። x ብዙ ከሆነ ሁለቱንም ማለትም በተገመተውም በእያንዳንዱ x ም ማውጣት ጥሩ ነው፣ የአንዱ ቫሪያብል ኩርባ በድምሩ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

ነጥቦቼ ጥቂት ናቸው፣ ያየሁት ፓተርን እውነት ይሁን ወይ አይኔ ይሁን እንዴት አውቃለሁ?

አይን ያለ ምክንያት ቅርጽ ያያል፣ 20 ነጥብ በዘፈቀደ ብትበትኑ ብዙ ሰው ኩርባ አለው ይላችኋል። የማምነው መንገድ ይሄ ነው፦ ሞዴሉ ፍጹም ትክክል ቢሆን ኖሮ ሊመጡ የሚችሉ ዳታዎችን ኮምፒውተሩ እንዲፈጥር ማድረግና የናንተን ፕሎት ከነሱ ጎን ማስቀመጥ።

```r
m <- lm(dist ~ speed, data = cars)
s <- simulate(m, nsim = 8)
par(mfrow = c(3, 3))
plot(fitted(m), resid(m))
for (i in 1:8) {
  k <- lm(s[[i]] ~ cars$speed)
  plot(fitted(k), resid(k))
}
```

የመጀመሪያው የናንተ ነው፣ ሌሎቹ 8 መስመሩ በእርግጥ ቀጥታ ከሆነበት፣ ስህተቱም እኩል ከሆነበት አለም የመጡ ናቸው። የናንተ ከ9ኙ መሃል ለይቶ የሚታይ ከሆነ ፓተርኑን እመኑት። ካልተለየ ዳታችሁ ያንን ለማለት አይበቃም ማለት ነው። ከዚህም የተሻለ ቅደም ተከተሉን ቀያይራችሁ ዳታውን ለማያውቅ ሰው ማሳየትና "የቱ ይለያል?" ማለት ነው፣ ምክንያቱም እናንተ የቱ የናንተ እንደሆነ ካወቃችሁ አይናችሁ ወደዛ ያዳላል። በ `women` ከሞከራችሁት ኩርባው ያለ ምንም ጥርጥር ለብቻው ይወጣል፣ የ `cars` ግን ያን ያህል አይጮህም።

አንድ ነጥብ ብቻ ርቆ ወጥቷል፣ ልሰርዘው?

መጀመሪያ ሌሎቹን ነጥቦች ተመልከቱ። ስታቲስቲሺያኑ ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 አራት ትንንሽ ዳታ ሰርቶ ነበር፣ R ላይ `anscombe` ብላችሁ ታገኙታላችሁ፣ አራቱም በቁጥር ሲታዩ አንድ ናቸው፦ y = 3 + 0.5x፣ R² 0.67። ሶስተኛው ላይ 11 ነጥብ አለ፣ አንዱ (x 13፣ y 12.74) ከመስመሩ 3.24 በላይ ነው። ሬዚዱዋል ፕሎቱ ላይ እሱ ከላይ ለብቻው ይቆማል፣ የቀሩት 10 ደግሞ ዜሮ አካባቢ ከመበተን ይልቅ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ቀጥ ያለ ረድፍ ሰርተዋል። ይሄ ዋናው ምልክት ነው፦ የቀሩት ሲያዘነብሉ ያ ነጥብ መስመሩን ወደ ራሱ ስቦታል ማለት ነው። እሱ ሲወጣ ስሎፑ ከ0.5 ወደ 0.35 ገደማ ይወርዳል።

መሰረዝ ግን ፕሎቱ የሚወስነው ነገር አይደለም። ወደ መዝገቡ ተመለሱ፣ የአጻጻፍ ስህተት ነው? ዩኒቱ ተቀላቅሏል? ምክንያት ካገኛችሁ አስተካክሉት ወይ አውጡት፣ ካላገኛችሁ ከሱ ጋርም ያለሱም ሰርታችሁ ሁለቱንም ውጤት አቅርቡ። "ርቋል" ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ሬዚዱዋሉ ዜሮ የሆነ ነጥብ ችግር ሊሆን ይችላል?

ይችላል፣ እንዲያውም ከሁሉም የሚያታልለው እሱ ነው። የአንስኮም አራተኛው ዳታ ላይ 10 ነጥቦች ሁሉም x 8 ላይ ናቸው፣ አንዱ ብቻ x 19 ላይ፣ y 12.5። መስመሩ በዛ ነጥብ ውስጥ ከማለፍ ሌላ ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ ሬዚዱዋሉ ዜሮ ነው፣ ፕሎቱ ላይ ሰላማዊ ሆኖ ይታያል። ስሎፑ ግን ሙሉ በሙሉ የሱ ነው፣ እሱን ብታወጡት ስሎፕ የሚባል ነገር ማስላት ራሱ አይቻልም።

እንዲህ አይነቱን ሬዚዱዋል አያሳይም፣ የሚያሳየው ሌቨሬጅ ነው፣ ማለትም ነጥቡ በ x ከሌሎቹ በመራቁ መስመሩን የመሳብ አቅሙ። `hatvalues(lm(y4 ~ x4, data = anscombe))` ብላችሁ ብታዩ የዛ ነጥብ 1 ይመጣል፣ ከዛ በላይ የለም፣ ሌሎቹ 0.1 ናቸው። ፕሎቱ ላይ ራሱ አንድ ፍንጭ አለ፣ ወደ ጎን ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ያለ ነጥብ ካያችሁ፣ ዜሮ ላይ ቢሆንም እንኳን ጠርጥሩት።

ፕሎቱ ንጹህ ነው፣ ስለዚህ መስመሩ ትክክል ነው ልበል?

"በዚህ የ x ክልል ውስጥ ቀጥታ መስመርን የሚቃወም ነገር አላየሁም" በሉ፣ ከዛ በላይ ፕሎቱ አልነገራችሁም። ከዳታው ውጪ ስላለው ምንም አያውቅም። `women` ን ከ64 እስከ 68 ኢንች ያሉትን 5 ረድፎች ብቻ ወስዳችሁ መስመር ብታሰምሩ ኩርባው አይታያችሁም፣ እዛ ጠባብ ቦታ ላይ ቀጥታ ነው የሚመስለው፣ በዛ መስመር የ72 ኢንች ሴትን ብትገምቱ ግን ከ3 ፓውንድ በላይ ትስታላችሁ።

ሌላው ዳታው እንዴት እንደመጣ ነው። `women` አማካይ ነው፣ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሴት አይደለችም፣ ለዛ ነው R² እንዲህ ከፍ ያለው፣ የሰዎቹ የእርስ በርስ ልዩነት በአማካዩ ተውጧል። የነጠላ ሰዎች ዳታ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቁመት ላይ የክብደቱ ልዩነት በአስር ፓውንዶች ነበር የሚቆጠረው፣ ያን ጊዜ ያው ኩርባ ብተናው ውስጥ ተደብቆ ፕሎቱ ንጹህ ሊመስል ይችላል። በጊዜ ተራ የተሰበሰበ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የየወሩ ሽያጭ፣ ሬዚዱዋሉን በወሩ ቅደም ተከተልም አውጡት፣ በተገመተው ላይ ንጹህ የሆነ ፕሎት በጊዜ ሲታይ ስድስት ወር ከዜሮ በላይ ስድስት ወር በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል።